የጫኖ ሙዝ 50 ብር የገባባቸው ሁለት መንገዶች

ከአርባ ምንጭ ወደ ወላይታ ሶዶ በሚወስደው መንገድ ላይ የምትገኘው ጫኖ የሙዝ አገር ናት። ከጋሞ ደጋ የሚወርደው የሐሬ ወንዝ እርሻውን በመስኖ ያጠጣል፤ ሙዙም በጥሬው ተቆርጦ በአይሱዙ እየተጫነ አዲስ አበባ ድረስ ይሄዳል። ሸማቹ የሚያየው ግን የኪሎውን ዋጋ ብቻ ነው። ዋጋው ከፍ ሲል አንዱ «ፍላጎት ጨምሮ ነው» ይላል፣ ሌላው «ስለተወደደ ፍላጎቱ ቀነሰ» ይላል። የመጀመሪያው እውነት ሊሆንም ላይሆንም ይችላል። ሁለተኛው ግን ፈተና ላይ ሁልጊዜ ስህተት ነው።

ምክንያቱም በኢኮኖሚክስ ፍላጎት አንድ ቁጥር አይደለም። ሰዎች በ30 ብር ስንት፣ በ40 ብር ስንት፣ በ50 ብር ስንት እንደሚገዙ የሚያሳይ ሙሉ ሰንጠረዥ ነው፤ የፍላጎት ኩርባ የሚባለውም የዚሁ ሰንጠረዥ ሥዕል ነው። የሙዙ የራሱ ዋጋ ሲለወጥ ሰንጠረዡ እንዳለ ሆኖ ከአንዱ ረድፍ ወደ ሌላው እንሄዳለን፤ የተለወጠው የሚፈለገው መጠን ነው። ከዋጋው ውጪ የሆነ ነገር፣ ለምሳሌ የሸማቹ ገቢ፣ የማንጎ ዋጋ፣ የጾም ወቅት ወይም የገዢው ብዛት ሲለወጥ ግን ሰንጠረዡ ራሱ እንደ አዲስ ይጻፋል። ኩርባው ቦታ ለቀቀ የሚባለው ያኔ ነው።

በቁጥር እንየው። ቁጥሮቹ ለስሌት እንዲመቹ የተመረጡ ናቸው፤ ዋጋው በኪሎ ብር፣ መጠኑ በቀን ኩንታል ነው።

```
ፍላጎት:  Q = 900 - 10P
አቅርቦት: Q = 100 + 10P
```

ሁለቱ የሚገናኙት በ40 ብር ነው፤ በቀን 500 ኩንታል ይሸጣል።

አሁን የሐሬ ጎርፍ የሙዝ ማሳ አበላሸ እንበል። በየትኛውም ዋጋ ወደ ገበያ የሚወጣው ሙዝ በ200 ኩንታል ቀነሰ፤ አቅርቦቱ `Q = -100 + 10P` ሆነ። ከፍላጎቱ ጋር ስናስተካክለው ዋጋው 50 ብር፣ መጠኑ 400 ኩንታል ይመጣል። የሸማቹ ሰንጠረዥ አልተነካም፤ በ50 ብር 400 ኩንታል እንደሚገዛ ከጎርፉ በፊትም ተጽፎ ነበር። ቦታ የለቀቀው የአቅርቦቱ ኩርባ ነው፣ በፍላጎቱ ኩርባ ላይ ግን ወደ ላይ ተጓዝን እንጂ ኩርባው አልተነቃነቀም።

ጎርፉን እንተወውና ዐቢይ ጾም ገባ እንበል። ሥጋና ወተት የተወ ጿሚ ወደ ፍራፍሬ ዞሮ በየትኛውም ዋጋ 200 ኩንታል ተጨማሪ ፈለገ፤ ፍላጎቱ `Q = 1100 - 10P` ሆነ። ከመጀመሪያው አቅርቦት ጋር ስናገናኘው ዋጋው አሁንም 50 ብር ነው፤ መጠኑ ግን 600 ኩንታል።

ዋጋው በሁለቱም 50 ብር ነው። ስለዚህ ጥያቄው «የሙዝ ዋጋ ጨመረ» ብሎ ብቻ ቢያቆም የትኛው ኩርባ እንደተነሳ ከዚያ ብቻ ማወቅ አይቻልም። መለያው መጠኑ ነው፦ ዋጋ ወጥቶ የተሸጠው ከቀነሰ አቅርቦቱን፣ ዋጋ ወጥቶ የተሸጠውም ከጨመረ ፍላጎቱን ጠርጥሩ።

ብዙ ተማሪ የሚሳሳተው በጾሙ ምሳሌ ላይ ነው። «ፍላጎት ጨመረ፣ ስለዚህ ዋጋ ወጣ፣ ዋጋ ስለወጣ ፍላጎት ተመልሶ ቀነሰ» የሚል ምርጫ ይቀርብለታል፤ ሲነበብ ልክ ይመስላል። ስሌቱን በጥንቃቄ እንከተለው። ዋጋው 40 ላይ ቢቆይ ኖሮ ጿሚው 700 ኩንታል ይፈልግ ነበር፤ ያን ያህል ሙዝ ግን ስለሌለ ዋጋው ወጣና የሚፈለገው መጠን ከ700 ወደ 600 ወረደ። ይህ መውረድ በአዲሱ ኩርባ ላይ የተደረገ ጉዞ ነው፤ አዲሱ ኩርባ ወደ አሮጌው አልተመለሰም። ከዚሁ የሚወጣ ሌላ ወጥመድም አለ፦ ፍላጎት የጨመረው በ200 ነው፣ የተሸጠው መጠን የጨመረው ግን በ100 ብቻ። «ፍላጎት በስንት ጨመረ?» ሲባል 100 ብሎ የሚመልስ ተማሪ የጠፋበት ሒሳቡ ሳይሆን ጥያቄው ነው።

የናፍጣ ዋጋ ጥያቄም ብዙ ሰው ያሳስታል። ናፍጣ ሲወደድ ከጫኖ አዲስ አበባ ማጓጓዝ ይወደዳል፣ ይህ የሻጩ ወጪ ነው፤ ስለዚህ የሚዛወረው የአቅርቦቱ ኩርባ ነው። የዋጋ ስም በጥያቄው ውስጥ መኖሩ ብቻ «በኩርባው ላይ ጉዞ» ለማለት አይበቃም፤ የማን ዋጋ መሆኑ መታየት አለበት። ማንጎ ተወደደ ከተባለ በማንጎ የፍላጎት ኩርባ ላይ ወደ ላይ እንሄዳለን፣ ሙዝን በማንጎ ምትክ የሚገዛ ሰው ካለ ደግሞ የሙዙ የፍላጎት ኩርባ ወደ ቀኝ ይዛወራል። አንዱ ለውጥ በአንዱ ገበያ ጉዞ፣ በሌላው ዝውውር ነው። «በሚቀጥለው ሳምንት ሙዝ ይወደዳል» የሚል ወሬም የሙዙን የራሱን ዋጋ ቢጠቅስም የዛሬው ዋጋ አይደለም፤ ሸማቹ ዛሬውኑ ቢሻማ ቦታ የሚለቀው የዛሬው የፍላጎት ኩርባ ነው።