ክሪያቲኒኑ «ልክ ነው» ሲባል

ዕድሜያቸው 80፣ ክብደታቸው 45 ኪሎ የሆነ እናት ለልብ ሕመም በቀን 0.25 ሚሊ ግራም ዲጎክሲን ታዘዘላቸው እንበል። የደም ምርመራቸው ክሪያቲኒን 1.0 ያሳያል፤ ወረቀቱ ላይም «ልክ ነው» ተብሎ ይነበባል። ስሕተቱ የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው።

ክሪያቲኒን ከጡንቻ የሚወጣ ቆሻሻ ነው። ሰው ሲያረጅ ኩላሊቱ ይዳከማል፤ ጡንቻውም አብሮ ይሟሽሻል። የሚያጣራውም የሚመነጨውም በአንድነት ስለሚቀንሱ በደም ውስጥ ያለው መጠን ሳይነቃነቅ ይቆያል። ስለዚህ ቁጥሩ ብቻውን ስለ ኩላሊት አይናገርም።

ኮክሮፍትና ጎልት በ1976 እ.ኤ.አ. ያወጡት ቀመር እስከ ዛሬ የሚሠራበት ለዚህ ነው። ዕድሜን ከ140 ቀንሰን በክብደት እናባዛለን፤ ውጤቱን 72 በክሪያቲኒን ተባዝቶ ለሚገኘው እናካፍላለን፤ ለሴት ደግሞ በ0.85 እናባዛለን። የእኚህ እናት ኩላሊት በደቂቃ 32 ሚሊ ሊትር ያህል ብቻ ያጣራል። ያው 1.0 ክሪያቲኒን ያለው የ25 ዓመት፣ የ70 ኪሎ ወጣት ወንድ ግን 112 ያህል ያጣራል።

አሁን ወደ መድኃኒቱ እንመለስ። ከዲጎክሲን 70 በመቶ ያህሉ ሳይለወጥ በሽንት ይወጣል፤ ቀሪው 30 በመቶ ሌላ መንገድ አለው። ጤናማ ማጣሪያን በደቂቃ 100 ሚሊ ሊትር ብንል የእናታችን ኩላሊት የዚያን 0.32 ያህል ይሠራል። 0.7ን በ0.32 ስናባዛ 0.22 እናገኛለን፤ የቀረውን 0.3 ስንደምርበት 0.52 ይሆናል። ማለትም መድኃኒቱ ከሰውነታቸው የሚወጣው በግማሽ ፍጥነት ነው። በየቀኑ የሚሰጠው መጠን የሚወጣውን የሚተካ ስለሆነ እሱም በግማሽ መቀነስ አለበት፦ 0.125 ሚሊ ግራም።

መጠኑ ሳይቀነስ ቢቀርስ? በጤናማ ሰው የመድኃኒቱ ግማሽ ዕድሜ 40 ሰዓት ያህል ነው፤ በእሳቸው ወደ 3 ቀን ይደርሳል። ክምችቱ የሚረጋው ከ4 እስከ 5 ግማሽ ዕድሜ በኋላ ስለሆነ ጉዳቱ በመጀመሪያው ሳምንት ላይታይ ይችላል። በሁለተኛው ሳምንት ምግብ ያስጠላቸዋል፣ ያቅለሸልሻቸዋል፣ ነገር ቢጫ ሆኖ ይታያቸዋል፣ የልብ ምታቸው ይዘገያል። ቤተሰብ «እርጅና ነው» ብሎ ያልፈዋል፤ እኔን ከሁሉ በላይ የሚያሳስበኝ ይህ ነው።

ቀመሩም ወሰን አለው። ክሪያቲኒኑ ካልረጋ፣ ለምሳሌ በተቅማጥ ፈሳሽ አጥተው ኩላሊታቸው በድንገት ከተጎዳ፣ ክሪያቲኒኑ ገና ከፍ ስላላለ ቀመሩ ከእውነተኛው የተሻለ ማጣሪያ ያሳያል። ያኔ የሚታመነው የደም ውስጥ የዲጎክሲን መጠን ምርመራና የልብ ምት ነው።

የአረጋውያንን ማዘዣ የምትጽፉና መድኃኒቱን የምታድሉ ባለሙያዎች፣ እባካችሁ ክሪያቲኒኑን አንብባችሁ ብቻ አትለፉ፤ በሚዛን ላይም አቁሟቸው።