ኃይል አሳልፎ ዳታ የሚያግድ አዳፕተር

በአውሮፕላን ማረፊያ ወንበሮች ሥርና በካፌ ጠረጴዛዎች ጠርዝ የዩኤስቢ ቀዳዳ ማግኘት የተለመደ ሆኗል። ከቀዳዳው ጀርባ ያለው ተራ ቻርጀር ይሁን የተደበቀ ኮምፒውተር ግን ከውጭ አይለይም።

አደጋው ከገመዱ አሠራር ይመነጫል። በነባሩ ሰፊ የዩኤስቢ መሰኪያ ውስጥ ቢያንስ አራት ቀጫጭን የብረት ንክኪዎች አሉ። በዳርና ዳር ያሉት ሁለቱ 5 ቮልት ኃይል ያስተላልፋሉ፤ መካከል ያሉት ሁለቱ ዳታ። ስለዚህ ስልክን ለቻርጅ መሰካት የዳታውንም መንገድ መክፈት ነው።

ይህን ለማሳየት የሳይበር ደኅንነት ባለሙያዎች እ.ኤ.አ. በ2011 ላስ ቬጋስ በተካሄደው የዴፍ ኮን ጉባኤ ላይ ነፃ የቻርጅ ጣቢያ አቁመው ነበር። ስልኩን የሰካ ሰው በጣቢያው ስክሪን ላይ ማስጠንቀቂያ ያነባል። ከዚያ ወዲህ የስልክ አምራቾች መከላከያ አበጁ፤ ስልኩ ዳታ ከመስጠቱ በፊት የባለቤቱን ፈቃድ ይጠይቃል። በ2025 ግን የኦስትሪያው ግራዝ ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ይህም እንደሚታለፍ አሳዩ። የሠሩት ቻርጀር ራሱን እንደ ኪቦርድ አስተዋውቆ ይገባና ለፈቃድ ጥያቄው በባለቤቱ ፋንታ «እሺ» ብሎ ይመልሳል። አምራቾች በዝማኔ ማስተካከያ ቢያደርጉም፣ ዝማኔ የማይደርሳቸው አሮጌ ስልኮች ብዙ ናቸው።

ዳታ ከልካዩ አዳፕተር አውራ ጣት የምታክል እቃ ናት። በአንድ ጎኗ ወደ ሕዝቡ ቀዳዳ ትሰካለች፤ በሌላው የራስዎን ገመድ ትቀበላለች። የኃይል መስመሮቹን ታገናኛለች፣ የዳታዎቹን ትቆርጣለች። መስመሩ ስለሌለ የሚታለፍ የፈቃድ ጥያቄም አይኖርም።

አንድ ችግር ግን አለ። ስልኩ ምን ያህል ኃይል መሳብ እንደሚችል የሚያውቀው በእነዚያው የዳታ መስመሮች ነው። መስመሮቹ ብቻ ከተቆረጡ ብዙ ስልኮች ኃይል በጥቂቱ ስለሚስቡ ቻርጁ ይንቀረፈፋል። የተሻሉት አዳፕተሮች በስልኩ በኩል ያሉትን ሁለት የዳታ ንክኪዎች እርስ በርስ ያገናኛሉ፤ ስልኩም ከቻርጀር ጋር መሆኑን ተረድቶ እስከ 1.5 አምፔር ይስባል።

የገዙት አዳፕተር እውነተኛ መሆኑን ቤትዎ መፈተሽ ይችላሉ። መጀመሪያ ስልክዎን ያለ አዳፕተር ከኮምፒውተርዎ ጋር ያገናኙና ኮምፒውተሩ እንደሚያየው ያረጋግጡ። ከዚያ አዳፕተሩን መሃል አስገብተው ይድገሙት። ስልኩ ቻርጅ እያደረገ ኮምፒውተሩ ካላየው አዳፕተሩ ይሠራል። ካየው ግን ዳታ እያለፈ ነው፤ አይጠቀሙበት።

ይህች እቃ ከተበላሸ ቀዳዳ ከሚመጣ ከፍተኛ ቮልቴጅ አታድንም። ጠረጴዛ ላይ በተገኘ የሰው ገመድ መሰኪያ ውስጥ የተደበቀ መሣሪያም ከአዳፕተሩ አልፎ በስልኩ በኩል ስለሚቀመጥ አትከላከለውም። ስለዚህ ገመዱ የራስዎ ይሁን። የግድግዳ ሶኬት ባለበት ደግሞ የራስዎን ቻርጀር መሰካት ይሻላል፤ ከሶኬቱ የሚመጣው ኃይል ብቻ ነውና።