የፋሲካ እንቁላል በስንት ቀን ቀድሞ ይያዛል?

አዲስ አበባ ውስጥ ሱቅ ያላት አንዲት ወዳጄ በ2017 ዓ.ም. የሰሞነ ሕማማት ሳምንት እንቁላል ፍለጋ ስትንከራተት አይቻለሁ። ቢሾፍቱ ያለው ዶሮ አርቢዋ የሚበቃትን ያህል አላስቀመጠላትም። ጥፋቱ ግን የእሱ አልነበረም። የምትፈልገውን ብዛት ቀደም ብላ የነገረችው ራሷ ናት፤ ያንን የነገረችው ደግሞ የ2016ን ደብተር ገልጣ፣ «ሚያዝያ መጀመሪያ ላይ የሸጥኩት ይኼን ያህል ነው» ብላ ነው።

ፋሲካ በ2016 የዋለው ሚያዝያ 27 ነበር። በ2017 ግን ሚያዝያ 12 ሆነ። ስለዚህ ያየችው ገጽ የጾም ገጽ ነው፤ በሳምንት 12 ትሪ ብቻ የሸጠችበት። ትሪው 30 ፍሬ ይይዛል፤ በአዘቦት ሳምንት 40 ትሪ ይሄድላታል። አርቢው እንደምንም ብሎ 40 ሰጣት፣ 50 ከገበያ በውድ ገዛች፣ ዘጠናውም የስቅለት ዕለት እኩለ ቀን ላይ አለቀ። ቀዳም ሹር ሙሉ ቀን «የለም» እያለች ዋለች።

ያን ቀን ያደረገችው አንድ ነገር ግን ለከርሞ ጠቀማት። ባዶ እጁን ለተመለሰ ደንበኛ ሁሉ ደብተሯ ላይ አንድ ጭረት ታሰምር ነበር፤ 34 ጭረት ሆነ። አብዛኛው አንድ ትሪ፣ አንዳንዱ ግማሽ ነበር የጠየቀው። ይህን ወደ 30 ትሪ ገመተችው። በዚህ ሒሳብ የዚያ ሳምንት ፍላጎት 90 ሳይሆን 120 ነው ማለት ነው። የሸጥነውንና የተፈለገውን አንድ አድርጎ መቁጠር ብዙ ነጋዴ የሚወድቅበት ጉድጓድ ይመስለኛል፤ ዕቃው ቀድሞ ካለቀ ደብተሩ የሚናገረው የመደርደሪያውን ልክ ነው እንጂ የገዢውን አይደለም።

ለ2018 ፋሲካ ሒሳቡን ከወሩ ቀን ሳይሆን ከበዓሉ ወደ ኋላ ቆጠረች። በዓሉ ሚያዝያ 4፣ ሑዳዴ የሚገባው የካቲት 9። ጾሙ ከመግባቱ በፊት አንድ ገጽ ወረቀት ይዛ ቢሾፍቱ ወረደች። ወረቀቱ ላይ ሳምንቱ በየተራ ተጽፏል፦ በጾሙ ሳምንታት 12 ትሪ፣ በመጨረሻው ሳምንት 100 ቁርጥ፣ 30 ደግሞ ምናልባት።

«ጋሼ፣ ለመቶው ቀብድ እከፍላለሁ፤ ሠላሳውን እስከ መጋቢት 20 ካላረጋገጥኩልዎ ለሌላ ይሽጡት» አለችው።

ሰውየው ወረቀቱን አገላብጦ ቀድሞ ያየው ግን መቶውን አይደለም። «አሥራ ሁለቷን በየሳምንቱ ትወስጃለሽ?» ነበር ጥያቄው። ዶሮ ጾም አታውቅም፤ ሑዳዴ ሲገባ ገዢ ይጠፋል፣ መኖ ግን በየቀኑ ይበላል። በዓል ሲደርስ ስልክ የሚደውልለት ብዙ ነው፤ በጾም የሚመጣ ግን ጥቂት። የሚያስቀምጠውም ለእነዚያ ጥቂቶች ነው። ትንበያ የምታሳይ ሰው ከፍታውን ብቻ ቆርጣ ብታሳይ አርቢው ግማሹን ብቻ እንደሰማ ይቆጥረዋል።

እሱ በበኩሉ ማድረግ የሚችለው ምንድን ነው? አንድ ሺህ ጣይ ዶሮ፣ ጥሩ ከጣሉ፣ በቀን 27 ትሪ አካባቢ ይሰጣሉ። መቶው ትሪ ወደ አራት ቀን የሚጠጋ ምርት ነው። እንቁላል ደግሞ እንደ ጤፍ ጎተራ ውስጥ አይከርምም፤ ያለ ማቀዝቀዣ ቀዝቀዝ ባለ ክፍል ቢቀመጥ እንኳ ከሁለት ሦስት ሳምንት በኋላ ጥራቱ ይወርዳል። ስለዚህ «ያዝልኝ» ማለት ዛሬ ያለውን ማስቀመጥ አይደለም፤ ከበዓሉ በፊት ባሉት ቀናት ከሚጣለው የማን ድርሻ ስንት እንደሆነ መወሰን ነው። ሁለት ወር ቀድሞ ካወቀ ሌላም ይችላል፦ ያረጁትን ዶሮዎች ለሥጋ የሚሸጥበትን ቀን እንቁላሉ እስኪሰበሰብ ድረስ ያዘገያል።

ዋጋ ላይ ግን አልተስማሙም። እሷ ቁርጥ ዋጋ ፈለገች፣ እሱ የመኖ ዋጋ አላስተማመነውም። መጨረሻ ላይ በዚያ ሳምንት ለሌሎች ቋሚ ደንበኞቹ በሚሸጥበት እንዲሆን ተዋዋሉ። እኔ ብሆን ጣሪያ አስቀምጥ ነበር፤ እሷ ግን ዕቃው መገኘቱ ይበልጥብኛል አለች።

አንድ ፈተናም ነበር። ጎረቤቷ «150 በይው፣ 100 እንዲሰጥሽ» ብሎ መክሯት ነበር፤ እሱ ራሱ ለሦስት አርቢዎች ያንኑ ትእዛዝ ሰጥቷል። አርቢዎቹ ይህን ዓይነቱን ለይተው ያውቁታል፤ ያዘዘውንና በቀኑ የጫነውን ጎን ለጎን የሚጽፉበት ደብተር አላቸው። በሚቀጥለው ዓመት 150 ያለው ሰው ገና ከአፉ ሳይወጣ በግማሽ ይቀነስበታል።

መጋቢት 20 ላይ ደወለችለትና ከሠላሳው 20 ጨመረች። ከ120 ትሪ ቀዳም ሹር ማታ አራት ቀረ፤ እነሱም በማግሥቱ ሳምንት አለቁ።

የ2019 ፋሲካ ሚያዝያ 24 ነው። ወዳጄ 200 ትሪ ማሰብ ጀምራለች። አርቢው ይህን ሲሰማ ሳቀና፣ «ለዚያ ያሉኝ ዶሮዎች አይበቁም» አላት። ጫጩት ገብታ መጣል እስክትጀምር ከ18 እስከ 20 ሳምንት፣ በደንብ እስክትጥል ደግሞ ወደ ስድስት ወር ይፈጃል። ስለዚህ ወረቀቱን የካቲት ሳይሆን መስከረም ላይ ይዛ እንድትመጣ ነግሯታል፤ ጫጩቶቹ ጥቅምት ላይ መግባት አለባቸው።