ማክቤዝን የጣለው ማን ነው?

አርስቶትል ፍጹም ክፉ ሰው ሲወድቅ ማየት ተመልካችን አያሳዝንም ይላል፤ የሚያሳዝነው በራሱ ስሕተት የሚወድቅ ሰው ነው። የሼክስፒር ማክቤዝም ሲጀምር ጀግና የጦር አዛዥ ነው።

ንጉሥ ዳንካንን ገድሎ ከነገሠ በኋላ መናፍስት ሦስት ነገር ይነግሩታል፦ ከማክደፍ ተጠንቀቅ፤ ከሴት የተወለደ አይጎዳህም፤ የበርናም ደን ወደ ዳንሲኔን እስኪመጣ አትሸነፍም። ትዕቢቱ የሚያስተማምኑትን ሁለቱን ይዞ የመጀመሪያውን ያቃልላል። ማክደፍ ሸሽቶ ሲያመልጠው ሚስቱንና ልጆቹን ያስፈጃል፤ በዚህም የማይመለስ ደመኛ ያፈራል።

ምሽጉ ጠንካራ ስለሆነ ከበባውን መቋቋም ይችል ነበር። ነገር ግን ጠላት ቁጥሩን ለመሸሸግ የበርናምን ቅርንጫፍ ተሸክሞ ሲመጣ፣ በትንቢቱ ላይ የገነባው መተማመን ይፈርስና ወጥቶ ይዋጋል።

ከእናቱ ማሕፀን ያለጊዜው በቀዶ የወጣው ማክደፍ ይገድለዋል። ትንቢቱ ማንንም ግደል አላለውም፤ ግድያውን ሁሉ የመረጠው ራሱ ማክቤዝ ነው።