ከፊት የሚጻፍና ከግርጌ የሚጻፍ ቁጥር

በሲሊንደር ጋዝ ውስጥ የሚገኘው ፕሮፔን በደንብ ሲነድ ካርቦን ዳይኦክሳይድና ውኃ ይሰጣል፦

C₃H₈ + O₂ → CO₂ + H₂O

የአቶሞቹ ቁጥር በግራና በቀኝ ገና እኩል አይደለም። ከካርቦን እንጀምር፤ በግራ 3 ስላለ ከCO₂ ፊት 3 እንጽፋለን። ሃይድሮጅኑ 8 ነው፤ አንድ የውኃ ሞለኪውል 2 ስለሚይዝ 4 ውኃ ያስፈልጋል። ኦክስጅንን መጨረሻ ላይ ማቆየት ይሻላል፤ በግራ ለብቻው ስለቆመ ቁጥሩ ቢለወጥ ሌላውን አያናጋም። በቀኝ 6 እና 4፣ በድምሩ 10 አቶም አለ፤ ስለዚህ 5 O₂ ይበቃል፦

C₃H₈ + 5O₂ → 3CO₂ + 4H₂O

ብዙ ተማሪ የሚሳሳተው ሒሳቡ እንዲሞላለት የግርጌውን ቁጥር ሲነካ ነው። 2H₂O ሁለት የውኃ ሞለኪውል ነው፤ መጠኑ ጨመረ እንጂ ውኃነቱ አልተለወጠም። H₂O₂ ግን አንድ ኦክስጅን በሞለኪውሉ ውስጥ የተጨመረበት ሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድ ነው፤ ጨርቅና ፀጉር ያነጣል፣ አይጠጣም።