ነፍሰ ጡሯና የጀበናው ቡና

ሀርጌሳ ከሰዓት በኋላ አነቃቂ የማይቀርብበት ቤት ጥቂት ነው። ሐበሾች ዘንድ ጀበና ይጣዳል፣ መንገድ ዳር የሶማሌ ወተት ሻይ ይቀዳል፣ ጫትም ይቃማል። በዚህ መሀል ያለች ነፍሰ ጡር «ስንት ሲኒ ልጠጣ?» ብትል፣ ሲኒ መቁጠሩ ብዙም አይረዳትም። መቁጠር ያለባት ዱቄቱን ነው።

የአረቢካ ቡና ከክብደቱ 1.2 በመቶ ያህሉ ካፌይን ነው። 30 ግራም ዱቄት የገባበት ጀበና እንግዲህ 360 ሚሊግራም ገደማ ይይዛል። ካፌይን በፈላ ውሃ ቶሎ ስለሚሟሟ አብዛኛው ከአቦሉ ጋር ይወጣል፤ ቶናና በረካ የሚደርሳቸው ትራፊው ነው። ሦስት ሰዎች እኩል ከጠጡት ለእያንዳንዳቸው ከ120 አይበልጥም፤ ሁለት ከሆኑ ግን እስከ 180 ይደርሳል። በላዩ አንድ ብርጭቆ ሻይ ስትጨምር፣ የአውሮፓ የምግብ ደኅንነት ባለሥልጣን ለነፍሰ ጡር ያስቀመጠውን የ200 ሚሊግራም የቀን ጣሪያ ታልፋለች። የዓለም ጤና ድርጅትም በቀን ከ300 በላይ የምትወስድ ነፍሰ ጡር እንድትቀንስ ይመክራል፤ ስጋቱ ጽንስ መቋረጥና ክብደቱ ያነሰ ልጅ መውለድ ነው።

ጥንቃቄው የመጣው ከጉበት ነው። ብዙ ሰው ከጠጣው ካፌይን ግማሹን በ5 ሰዓት ገደማ ያስወግዳል። በእርግዝና ማብቂያ ግን ጉበት ይህን ሥራ ስለሚያዘገይ እስከ 15 ሰዓት ሊፈጅ ይችላል። ካፌይኑ የእንግዴ ልጁን አልፎ ወደ ጽንሱ ይደርሳል፤ ጽንሱ ደግሞ ራሱ የሚያፈርስበት አቅም ገና የለውም። ከቀኑ 10 ሰዓት 120 ሚሊግራም የጠጣች እናት፣ በማግስቱ ጠዋት 1 ሰዓት ላይ 60ው አብሯት ሊያድር ይችላል ማለት ነው። የአዲሱ ቀን ቡና በዚያ ላይ ይደረባል። ስለዚህ በመጨረሻዎቹ ወራት ቡናውን ወደ ጠዋት ማዞር ብቻ አይበቃትም፤ ዱቄቱም መቀነስ አለበት። እኔ ብሆን አቦሉን ለሌሎቹ ትቼ ከቶናው እጀምር ነበር።

ላልጸነሰ ሰው ሰዓቱ ራሱ ብዙ ይለውጣል። በ2013 የወጣ ጥናት 400 ሚሊግራም ካፌይን ከመኝታ 6 ሰዓት በፊት ሲወሰድ እንኳ ከአንድ ሰዓት በላይ እንቅልፍ እንደሚያሳጣ አሳይቷል። ማታ 4 ሰዓት የሚተኛ ሰው የመጨረሻውን ቡና ከምሳ ጋር ቢጨርስ ይሻለዋል።

ልብንስ? በ2023 የታተመ ሙከራ 100 ጤነኛ ሰዎችን ቡና በሚጠጡበትና በማይጠጡበት ቀን አነጻጽሯል። ከላይኛው የልብ ክፍል የሚነሳው ትርፍ ምት አልጨመረም፤ ከታችኛው የሚነሳው ግን በቀን ከ102 ወደ 154 አድጓል፣ እንቅልፋቸውም በ36 ደቂቃ አጥሯል። እንዲህ ያሉ ትርፍ ምቶች በጤነኛ ልብ ላይ አብዛኛውን ጊዜ ጉዳት የላቸውም። ከጫት በኋላ ቡና ጠጥቶ ልቡ የሚመታበት ሰው ግን ጥፋቱን በቡናው ብቻ ማሳበብ የለበትም፤ በጫቱ ውስጥ ያለው ካቲኖን ብቻውን የልብ ምት ያፈጥናል፣ የደም ግፊትም ይጨምራል። የልብ ምቱ ከደረት ሕመም፣ ከትንፋሽ ማጠር ወይም ራስን ከመሳት ጋር ከመጣ በዚያው ሰዓት ሐኪም ዘንድ መሄድ ነው።