ሃንዳውቱን ዝጉት

ለአዲስ የሕክምና ተማሪዎች በሚደረግ አቀባበል ላይ ሲኒየሮች የሚናገሩት አብዛኛውን ጊዜ ከሁለት አንዱ ነው። ወይ «አይዟችሁ፣ እኛም አልፈነዋል» ይባላል፣ ወይ ላይብረሪ ውስጥ ያነጋ ሰው ገድል ይተረካል። በቅርቡ የሰማሁት ግን ሌላ ዓይነት ነበር። ተናጋሪዋ ሆስፒታል ገብታ ክሊኒካል የጀመረች ተማሪ ናት። ማይክራፎኑን እንደያዘች ያነሳችው ብራኪያል ፕሌክሰስን ነው።

ይህ ከአንገት ተነስቶ በብብት በኩል ወደ ክንድ የሚወርድ የነርቮች መረብ ነው። አምስት ሥሮች ተገናኝተው ሦስት ግንድ ይሆናሉ፤ እያንዳንዱ ግንድ ለሁለት ይከፈላል፤ ስድስቱ እንደገና ተጣምረው ሦስት ገመድ ይሠራሉ፤ ከገመዶቹም የክንዱ አምስት ዋና ዋና ነርቮች ይወጣሉ። አናቶሚ የጀመረ ተማሪ ሁሉ እዚህ ላይ መላ ቅጡ ይጠፋበታል።

«ስዕሉን አንድ ጊዜ ታዩታላችሁ፣ ታሰምሩበታላችሁ፣ ደግማችሁ ታዩታላችሁ» አለች። «በሦስተኛው ቀን ገጹን ስትገልጡ ሁሉም ነገር የምታውቁት ይመስላል። ዓይናችሁ ለመደው እንጂ እናንተ አላወቃችሁትም። ልዩነቱ የሚታየው ሃንዳውቱ ሲዘጋ ነው።»

የራሷን አካሄድ ደረጃ በደረጃ ነገረቻቸው። ትምህርቱ ሰኞ ከተሰጠ፣ ሰኞ ማታ አንድ ጊዜ በደንብ አንብባ ሃንዳውቱን ትዘጋለች። ከዚያ ባዶ ወረቀት ላይ መረቡን በቃሏ ትስላለች። መጀመሪያ ሲሞከር እጅ የሚቆመው ገመዶቹ ጋ ነው፤ ሚዲያን የሚባለው ነርቭ ከሁለት ገመድ መምጣቱ ይረሳል። የቆመችበትን ባዶ ትተወዋለች፤ ከጨረሰች በኋላ ሃንዳውቱን ገልጣ የጎደለውን በቀይ እስክሪብቶ ትሞላለች። ረቡዕ አዲስ ወረቀት ታወጣለች። እሑድ ትደግመዋለች፣ ከዚያ ከሁለት ሳምንት በኋላ። ቀዩ ቀለም እየቀነሰ ካልሄደ፣ ችግሩ ያለው ከመጀመሪያው ባልገባት ነገር ላይ ስለሆነ መሳሉን ትታ የሚያስረዳት ሰው ትፈልጋለች። ያልገባን ነገር በቃል መያዝ ሽምደዳ ነው።

ስዕሉ እጇ ውስጥ ሲገባ ወደ ጥያቄ ትሻገራለች። የላይኛው የክንድ አጥንት መሃሉ ላይ የተሰበረ በሽተኛ አንጓውን ወደ ላይ ማንሳት አቅቶት እጁ ቢንጠለጠል፣ የተጎዳው የትኛው ነርቭ ነው? ራዲያል። ከየትኛው ገመድ ይወጣል? ከኋለኛው። ዋርድ ውስጥ ሲኒየር ሐኪሙ የሚጠይቀው እንዲህ አድርጎ ነው፤ አምስቱን ስም ብቻ የያዘ ተማሪ እዚያ ጋ ዝም ይላል።

ይህ የእሷ ግኝት ብቻ አይደለም። በ2006 እ.ኤ.አ. ሮዲገር እና ካርፒክ የተባሉ የሥነ ልቦና ተመራማሪዎች ተማሪዎችን አጫጭር ጽሑፎች አስነበቡ። ተማሪዎቹ አንዱን ጽሑፍ ደግመው አነበቡት፤ ከሌላው ደግሞ ሳያዩ ያስታወሱትን ጻፉ። ከአምስት ደቂቃ በኋላ የተፈተኑት ደግመው ያነበቡትን በተሻለ አስታወሱ፤ 81 ከመቶ ለ75 ነበር። ከሳምንት በኋላ በተፈተኑት ላይ ግን ነገሩ ተገለበጠ፤ ደግመው ካነበቡት 42 ከመቶ ሲያስታውሱ፣ ራሳቸውን ከፈተኑበት 56 አስታወሱ። ተማሪዎች ከሽምደዳ የማይላቀቁት ለምን እንደሆነ ከዚህ በላይ የሚያስረዳ ቁጥር ያለ አይመስለኝም። ለጊዜው ይሠራላ!

አንድ ነገር ግን አስጠነቀቀች። ስልክ ላይ የሚጫኑ የጥያቄ ካርዶች፣ በተለይ አንኪ፣ ክለሳውን ቀን ጠብቀው ራሳቸው ያቀርቡላችኋል፤ ቀለሜ የሚባለው ተማሪ ታዲያ በመጀመሪያው ሳምንት በቀን መቶ አዲስ ካርድ ይጨምራል። ካርዱ ሁሉ ተመልሶ ስለሚመጣ በወሩ ውስጥ የሚከለሰው ብቻ ማታውን ይጨርሰዋል። ያን ጊዜ አብዛኛው ሰው እርግፍ አድርጎ ይተወዋል። እሷ የምትለው፣ የትናንቱ ክለሳ ሳያልቅ ያደረ ዕለት አዲስ ካርድ አይገባም።

ስለ እንቅልፍ የተናገረችው አጭር ነው። ቀን የተጠናው በአእምሮ ውስጥ የሚረጋው ስንተኛ በመሆኑ፣ ሌሊቱን ቆርጦ ገጽ መጨመር ትርፉ ኪሳራ ነው አለች። እሷ ስድስት ሰዓት ሲሆን መብራት ታጠፋለች፤ የዶርም ጓደኞቿ መጀመሪያ ይስቁባት ነበር።

ጥያቄ ሲፈቀድ ከኋላ አንድ ልጅ እጁን አወጣ። «ፈተናው ነገ ከሆነስ፣ እህቴ?»

«ለነገማ ደግመህ አንብብ፣ ያልፍልሃል» አለችው እየሳቀች። «ግን ፈተናው እንዳለቀ በሦስተኛው ቀን ወረቀት አውጣና ሳለው። ክሊኒካል ስትገባ አጥንት ዋርድ ላይ ያንኑ ነርቭ መልሰው ይጠይቁሃል፤ ያን ጊዜ ደግሞ በሽተኛው ፊትህ ተኝቷል።»